ደሴ እያደሩ ኮምቦልቻ ለሚውሉ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ያዋጣ እንደሆነ በደብተር የማስላት ዘዴ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ የሚከለክለው ውሳኔ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ ደሴ ውስጥ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቀኛል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያም በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ በሆነበት ሁኔታ ይህ መኪና እንዴት ይሆነኛል ይላል። እኔ ደሴ እየኖርሁ ኮምቦልቻ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ሁለት ክረምት በኤሌክትሪክ መኪና ተመላልሻለሁ። መልሱ ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ቤት መርምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ «ይሆነኛል» ወይም «አይሆነኝም» ብሎ መወሰን የሚችልበትን አሠራር እዚህ እጽፋለሁ።

ከስሌቱ በፊት ጥያቄውን ማስተካከል ያስፈልጋል። የከተማችን ሰው ውኃን በተመለከተ «አሁን ቧንቧው ይወርዳል ወይ?» ብሎ ኑሮውን አያቅድም፤ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚመጣና ሮቶው ስንት ቀን እንደሚያቆይ ያውቃል፤ በዚያ ይኖራል። የመኪናው ባትሪም ሮቶ ነው። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ በቀን ስንት እንቀዳለን፣ ሮቶው ስንት ይይዛል፣ መብራቱስ በሳምንት ስንት ሰዓት ይመጣል። የቻርጅ ጣቢያ ብዛት በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባው ወደ ሩቅ አገር ስንጓዝ ብቻ ነው።

አንደኛ፦ የመንገዱን ፍጆታ ማስላት

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ርቀቱን ብቻ ይዞ ማስላት ያሳስታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ በ1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው የ600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ፤ ይህም ልዩነት ማታ ወደ ቤት ስንመለስ በዳገት የሚከፈል ነው።

ለምሳሌ በአገራችን የተለመደውን ትንሹን ቢዋይዲ ሲጋል፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለውን እንውሰድ። መኪናው ከሁለት ሰውና ከዕቃ ጋር 1,400 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። ይህን ክብደት 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በሞተርና በባትሪ ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር 2.7 ይደርሳል። መኪናው በሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ 25 ኪሎ ሜትሩን በ2.6 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሰው ነበር። ሁለቱ ሲደመሩ ከኮምቦልቻ ደሴ መውጣት 5.3 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ጠዋት ስንወርድ ግን ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ከቁልቁለቱ 1.6 ያህል ስለሚመልስ፣ የምንወጣው 1.0 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ደርሶ መልሱ 6.3 ይሆናል፤ ልጆችን ትምህርት ቤት ማድረስና ገበያ መውጣት ሲታከልበት በቀን 7 ብለን እንያዝ። ከሶኬቱ ወደ ባትሪው ሲገባ ጥቂት ስለሚባክን፣ ቆጣሪያችን የሚቆጥረው 8 ኪሎዋት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። በመኪናው ሰሌዳ ላይ የሚታየውን የኪሎ ሜትር ቁጥር አትመኑ። ይህ መኪና በቻይና የሙከራ ስሌት 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የሚሸጥ ነው፤ ያ ስሌት ግን የእኛን ዳገት አያውቅም። አንዳንድ መኪና ደግሞ በቅርብ የነዳነውን መንገድ አይቶ ስለሚገምት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያስደስተናል፤ ማታ ሽቅብ ስንጀምር በየጥምዝምዙ ይወድቃል። የሚታመነው ፐርሰንቱ ነው። ዳገቱ የዚህን ባትሪ 14 በመቶ ያህል ስለሚወስድ፣ እኔ ከኮምቦልቻ ከ30 በመቶ በታች ሆኜ አልነሣም።

ባትሪውን ከ90 በመቶ እስከ 20 በመቶ ብቻ ብንጠቀምበት 27 ኪሎዋት ሰዓት እናገኛለን። ይህም መብራት ጨርሶ ባይመጣ ሦስት ቀን ሙሉ ያመላልሰናል፤ አራተኛውንም ቀን ከተማ ውስጥ ሳንዞር በጥንቃቄ ከነዳን ያደርሰናል። 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዘው የዚሁ መኪና አነስተኛ ዓይነት ግን ሦስት ቀን ብቻ፣ ያውም ያለ ትርፍ ነው የሚቆየው። በዋጋ ልዩነት ምክንያት ትንሹን ለመግዛት የሚያመነታ ሰው፣ ትልቁ የሚጨምርለት አንድ ተጨማሪ የጨለማ ሌሊት መቋቋም መሆኑን አስቦ ይወስን።

ሁለተኛ፦ የመብራቱን ሰዓት ለአሥራ አራት ሌሊት መመዝገብ

«እኛ ሰፈር መብራት ብዙ ይጠፋል» የሚለው አባባል ለስሌት አይሆንም፤ ሰው የሚያስታውሰው የጠፋበትን ሌሊት እንጂ የነበረበትን አይደለም። ስለዚህ አንድ ደብተር ወስዳችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለውን አሥር ሰዓት ለሁለት ሳምንት መዝግቡ። ይህ ማለት በሳምንት 70 ሰዓት ነው።

ለዚህ ሲባል ሌሊት መንቃት አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ የሚገኝ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ክብ ሰዓት ያለው ማብሪያ ማጥፊያ አለ፤ ባትሪ የሌለው ዓይነቱ የሚዞረው መብራት ሲኖር ብቻ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ከትክክለኛው ሰዓት ጋር አስተካክላችሁ ብትሰኩትና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 9 ሰዓትን ቢያሳይ፣ ሌሊቱን ሦስት ሰዓት መብራት አልነበረም ማለት ነው። በየጠዋቱ ቁጥሩን ጽፎ መልሶ ማስተካከል አንድ ደቂቃ አይወስድም።

አሁን ፍላጎታችንን ከዚህ ጋር እናስተያይ። በሳምንት ስድስት ቀን ብንመላለስ 48 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገናል። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ቻርጀር በ10 አምፔር ሲሠራ፣ የቤታችን ቮልቴጅ 220 ሳይሆን 200 ቢሆን እንኳ፣ በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ይስባል። ስለዚህ በሳምንት የሚያስፈልገን 24 ሰዓት መብራት ነው። በክረምት ነጎድጓድ በርትቶ ሲቋረጥ የሚያጋጥመውን ለመሸፈን ግማሹን ጨምረን 36 እናድርገው። መለኪያው ይኸው ነው። ደብተሩ ላይ በእያንዳንዱ ሳምንት 36 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካለ፣ ረጅሙ ያልተቋረጠ ጨለማም ከሦስት ሌሊት ካልበለጠ፣ የቤታችሁ መብራት ለዚህ መኪና ይበቃል። ደሴ ውስጥ ስንቱን ሰው አስመዝግቤ፣ «ብዙ ይጠፋል» ሲሉ የነበሩት ከ70ው ከ40 ሰዓት በላይ አግኝተው ሲገረሙ አይቻለሁ።

የታላቁ ህዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋልና ችግሩ ተቃልሏል ብሎ ይህን ምዝገባ መዝለል አይገባም። አንድን ሰፈር የሚያጨልመው ብዙውን ጊዜ የኃይል እጥረት ሳይሆን የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዘመመ ምሰሶ ስለሆነ፣ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ ከተለያየ ትራንስፎርመር ከተቀጠሉ ደብተራቸው ፈጽሞ አይመሳሰልም።

ሦስተኛ፦ ሶኬቱን፣ ቮልቴጁንና ኧርዙን መፈተሽ

ሰዓቱ በቂ ሆኖ የቤቱ መስመር የማይችል ከሆነ መኪናው አይሞላም፤ ከዚያም ሲብስ ቤት ይቃጠላል። ነገሩን ለመረዳት የእንጀራ ምጣዱን ማሰብ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይስባል፤ መኪናው በ10 አምፔር ከዚያ ያንሳል። ሆኖም ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፣ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። ልል የሆነ ግንኙነትን የሚያቀልጠው ይህ ዕረፍት ማጣት ነው።

በመጀመሪያው ወር እኔ ምጣዱ ከሚሰካበት ሶኬት መስመር ስቤ በዲቫይደር ነበር የምሞላው። አንድ ሌሊት የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ፤ ስወጣ የዲቫይደሩ አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡኒ ሆኖ፣ ፕላጉ ሊነቀል እስከማይችል ተጣብቋል። በማግሥቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን ፈትቶ የጠቆረውን ሽቦ እያሳየኝ፣ «ጋሼ፣ ይህ ሽቦ እኮ ለአምፖል የተዘረጋ ነው፤ ምጣዱንም የቻለው ቶሎ ስለምትነቅሉት ነው» አለኝ።

እሱ ያኔ የሠራልኝን ነው ለሁሉም የምመክረው። ከቆጣሪው በቀጥታ ለመኪናው ብቻ የሚሆን፣ ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ይዘርጋ፤ ግቢው ሰፊ ሆኖ ርቀቱ ከ25 ሜትር ከበለጠ 6 ይሁን። መነሻው ላይ የ20 አምፔር ብሬከርና ሰው ሲነዝር ወዲያው የሚያቋርጥ የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይግጠም። ሶኬቱ 16 አምፔር የሚችል ጠንካራ ዓይነት ሆኖ ዝናብ በማይነካው ቦታ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ዲቫይደር ከዚህ ሥራ ፈጽሞ ይውጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው ቮልቴጅን ሳይሞሉም እየሞሉም መለካት ነው። ሳይሞላ 212 የነበረው ሲሞላ 206 ቢሆን ደህና ነው፤ 190 ቢሆን ግን የሆነ ቦታ ችግር አለ። ባለሙያው በዚያው ቅጽበት ቆጣሪው ላይ ይለካ፤ እዚያም 190 ከሆነ ጉድለቱ የመንገዱ መስመር ነው፣ እዚያ 210 ከሆነ የእኛው ሽቦ ወይም ልል ብሎን ነው። ሁለተኛው ፈተና ከአንድ ሰዓት በኋላ ፕላጉን በእጅ መዳሰስ ነው። ለብ ማለቱ አያሳስብም፤ እጅን የሚያስለቅቅ ሙቀት ከሆነ ግን ወዲያው ከብሬከሩ ይጥፋ።

ኧርዙን፣ ማለትም ያፈተለከን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ በተመለከተ፣ ብዙ የደሴ ነባር ቤቶች የላቸውም። ቻርጀሩ ይህን ራሱ ስለሚያውቅ ቀይ መብራት አሳይቶ አልሞላም ይላል። አንዳንድ ሰው ኧርዙን ከዜሮው ሽቦ ጋር አገናኝቶ ቻርጀሩን ሲያታልል አይቻለሁ፤ የመንገዱ ዜሮ በተበጠሰ ቀን የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ ነዛሪ ይሆናል፤ በሩን የሚከፍተው ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ የቆመ ልጅ ሊሆን ይችላል። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ በባለሙያ መለካቱ ምንም አማራጭ የለውም።

ቮልቴጁ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት፣ ሁሉም ቤት ምድጃውን ባበራበት ጊዜ ይወርዳል፤ እኛ ሰፈር 180 ሲደርስ ቻርጀሩ ቆሞ ይጠብቃል። የመኪናውን የመሙያ ሰዓት ከሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት እንዲጀምር ማድረግ ይህን ይፈታል። ነገር ግን ደብተራችሁ መብራቱ ሌሊት ጠፍቶ ምሽት ላይ የሚኖር መሆኑን ካሳየ፣ በተቃራኒው እንደገባችሁ ሰክታችሁ ቻርጀሩን ወደ 8 አምፔር ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ስለዚህ ስትገዙ አምፔሩን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለመከላከል ደግሞ፣ ቮልቴጁ ሲወጣና ሲወርድ የሚያቋርጥና መብራት ከመጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብቻ የሚከፍት መቆጣጠሪያ ብሬከሩ አጠገብ ይገጠም። ለፍሪጅ የሚሸጠው ሶኬት ላይ የሚሰካው ትንሹ ዓይነት ለዚህ ሥራ አቅም የለውም።

አራተኛ፦ ደሴ ላይ ሞልቶ አለማደር

ይህ የእኛ መንገድ ልዩ ጉዳይ ነው። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቶ ጠዋት ሐረጎን መውረድ ብትጀምሩ፣ ሞተሩ ከቁልቁለቱ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም። ስለዚህ መኪናው በሞተር መያዙን ይተውና ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የለመዳችሁት መያዝ ድንገት ሲጠፋ ያስደነግጣል፤ ፍሬኑም ታች ሲደርስ ይግላል፣ የተረፈው ኃይልም ይባክናል። ቤት ውስጥ ሙሌቱን 90 በመቶ ላይ እንዲቆም አድርጉት። ይህ ዓይነት ባትሪ ልኩን በትክክል እንዲያነብብ አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት የሚፈልግ ስለሆነ፣ እሱን ለእሑድ፣ ወደ ኮምቦልቻ ለማትወርዱበት ቀን ተዉት።

አምስተኛ፦ የማያዋጡትን መጠባበቂያዎች ከስሌቱ ማውጣት

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ጀነሬተር ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተራ የቤንዚን ጀነሬተር ከተጻፈበት አቅም ሩብ ያህሉን ያጣል፤ 3 ኪሎዋት የሚል ጽሑፍ ያለበት ደሴ ላይ ከ2.3 ብዙም አያልፍም። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ቤንዚን ስለሚፈጅ፣ የአንድ ቀን ጉዟችንን ለመሙላት 4 ሊትር ገደማ እናቃጥላለን፤ በዚያው ቤንዚን ትንሽ የነዳጅ መኪና ኮምቦልቻ ደርሶ ይመለሳል። ብዙ ጀነሬተሮች ኧርዝ ስለሌላቸውም ቻርጀሩ አይቀበላቸውም። ለጭንቅ ቀን እንጂ ለኑሮ አይሆንም።

የአዲስ አበባውን መንገድም በዚህ ትንሽ መኪና ባታቅዱ እመርጣለሁ። እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው 175 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በጠቅላላው የሚወርድ ስለሆነ በግማሽ ባትሪ ይደረሳል። ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ጣርማ በር ያለው ዳገት ግን 1,800 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ቤተሰብ ተጭኖ ከባትሪው ከሲሶ በላይ በአርባ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይበላል። ደብረ ብርሃን የሚደረሰው ባዶ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። ሸዋ ሮቢት አድሮ በሆቴል ሶኬት መሙላት ይቻላል፤ ግን የአንድ ቀን መንገድ ሁለት ቀን ይሆናል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለሚደረግ ጉዞ አውቶቡስ መሳፈር፣ በየወሩ ለሚደረግ ግን ሌላ መኪና ማሰብ ይገባል።

ከመግዛታችሁ በፊት በወር የሚጨመረውን ፍጆታም በሂሳብ አስገቡ። 26 ቀን በ8 ሲባዛ 208 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን የሚጨምር ሲሆን የመጨረሻው እርከን ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ወር ደረሰኝ አውጥታችሁ፣ 208ቱን ደምራችሁ፣ ጠቅላላው በየትኛው እርከን ላይ እንደሚያርፍ እዩ።

የሁለት ሰዎች ደብተር

ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዎች ይህን ምዝገባ አብረውኝ ሠርተዋል። አንደኛው ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የሚኖር መምህር ነው፤ የመጀመሪያው ሳምንት 47፣ ሁለተኛው 39 ሰዓት ወጣለት፤ ረጅሙ ጨለማ አንድ ሌሊት ከግማሽ ነበር። የራሱ ግቢ ስላለው መስመሩን አዘርግቶ፣ ኧርዙን አስቀብሮ ገዛ።

ሁለተኛዋ የሥራ ባልደረባዬ ስትሆን ቤቷ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ከፍ ብሎ ነው። 31 እና 18 ሰዓት መዘገበች፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎም አራት ሌሊት በጨለማ አሳለፈች። በመለኪያው መሠረት መልሱ «አይሆንም» ነበር። እሷ ግን ደብተሩን ይዛ ኮምቦልቻ ወደምትሠራበት ድርጅት ኃላፊ ሄደች፤ ግቢው ውስጥ ለማሽን የተዘረጋ ጠንካራ መስመር ስላለ፣ የራሷ ንዑስ ቆጣሪ ተገጥሞ በየወሩ ሂሳቡን እንድትከፍል በጽሑፍ ተስማሙ። አሁን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ሰክታ በቀን እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ታገኛለች፤ ይህም ከፍጆታዋ በላይ ነው። ታች ሆና እስከ 100 ትሞላለች፣ ዳገቱ 14 በመቶውን ወስዶ ደሴ በ86 ትገባለች፣ ጠዋትም ሐረጎን ስትወርድ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ አለው። ቤቷ አንድም ቀን ሰክታ አታውቅም።